ያልተጠየቀው የይለፍ ቃል

እሑድ ጥቅምት ዐሥራ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ብርሃን ባለው ሆስፒታላችን እኔ የምቆጣጠረው ሰርቨር፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተሮችን ያገለግል ነበር፤ ዐሥራ ሁለቱም ያለ እንከን ይገባሉ። ሰርቨሩ የማንንም የይለፍ ቃል እንዳለ አያስቀምጥም፤ በስሌት ለውጦ ያስቀምጠዋል። ስሌቱ አሮጌ ስለሆነ በቀላሉ ሊሰበር ይችል ነበር። በስምንት ሰዓት ከሩብ ጠንካራውን አዲስ ስሌት አበራሁ። ነባሮቹ የይለፍ ቃሎች እስኪቀየሩ ድረስ በአሮጌው መንገድ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አዲስ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ሰጥቼ አስፈረምሁ።

ዐሥራ አንዱ ኮምፒውተሮች ገቡ። የላቦራቶሪው ብቻ «መግባት አልተቻለም፤ የይለፍ ቃልዎን ያረጋግጡ» አለ። እዚያ የምትሠራው ነሲባ ናት፤ የአልዩ አምባ ልጅ፣ ተቀጥራ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ሦስት ሳምንት የቀራት። የደም ውጤቱን በእጅ እየጻፈች ለየክፍሉ ትወስድ ጀመር። ሐኪሞቹ ማጉረምረም ያዙ።

«ጋሼ ይሁኔ፣ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

«ዐሥራ አንድ ሰው ገብቷል። በደንብ ጻፊው።»

«ከሕፃን እጅ ላይ ደም ሥር የማገኝ ሰው ስምንት ፊደል ያቅተኛል?»

ሌላ የይለፍ ቃል ሠራሁላት። እምቢ አለ። ረቡዕ ሦስተኛውን ሠራሁ። እያንዳንዱ በአዲሱ ስሌት ነበር የሚቀመጠው፤ ላግዛት ብዬ የሠራሁት ሁሉ በሩን መልሶ ይዘጋባት ነበር። ያኔ ይህን አላየሁም።

ሐሙስ በሳምንታዊው ግምገማ ላይ፣ በሠላሳ ሰው ፊት፣ «ችግሩ የቴክኒክ አይደለም፤ የጥንቃቄ ጉድለት ነው» አልሁ። ከዚያም ይህንኑ ለነሲባ በደብዳቤ ጽፌ ለሰው ኃይል አስተዳደር ግልባጭ አደረግሁ። በግምገማው ላይ ይህን ስል አንድ ሰው ሳቀ። ነሲባ የጋውኗን ኪስ ቁልፍ ትፈታና ትቆልፍ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የነርሶች ኃላፊዋ ሲስተር እናናየሁ ቢሮዬ መጡ።

«አቶ ይሁኔ፣ ልጅቷን በደብዳቤ ከማባረርዎ በፊት ጣትዎን ይዘው ይውረዱ። እርስዎ ራስዎ ይጻፉት።»

ወደ ላቦራቶሪው ወረድሁ። ሦስተኛውን የይለፍ ቃል አንድ በአንድ ጻፍሁ። «መግባት አልተቻለም።» ደግሜ ጻፍሁ። ያው ነው።

«እርስዎም ጥንቃቄ ይጎድልዎታል እንዴ?» አለች ነሲባ። ሳቀች፤ ግን ዓይኔን አላየችም።

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ሰኞ ማየት የነበረብኝን የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትሁ። የተሳሳተ የይለፍ ቃል ሲገባ ሰርቨሩ ስሙንና ሰዓቱን ይመዘግባል። በነሲባ ስም አንድም የስሕተት መስመር አልነበረም። ከላቦራቶሪው ኮምፒውተር ግንኙነት መድረሱ ስልሳ አራት ጊዜ ተመዝግቧል፤ ከእያንዳንዱ ግንኙነት በኋላ ግን ምንም አልተከተለም።

ነሲባን እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጥኋት።

«ሆን ብለሽ ተሳሳች» አልኋት።

ተሳሳተች። መዝገቡ ላይ ወዲያው መስመር ወጣ፤ ስሟና ደቂቃው።

«አሁን በትክክል ጻፊ።»

ተከፈተ።

«እንግዲያው ስሳሳት ሰርቨሩ ያውቃል» አለች። «ያላወቁት እርስዎ ነዎት።»

በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት ላይብረሪ፣ ማለትም የማገናኛ ፋይሉ፣ አዲሱ ስሌት ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነበር። ከደም መቁጠሪያው መሣሪያ ጋር የመጣ ስለሆነ ማንም አዘምኖት አያውቅም። ሰርቨሩ «በአዲሱ መንገድ ማንነትህን አረጋግጥ» ሲለው ጥያቄው ራሱ ስለማይገባው ግንኙነቱን ይዘጋል። ፕሮግራሙ ደግሞ ለየትኛውም እምቢታ ያችኑ አንዲት ዐረፍተ ነገር ያወጣል። አምስት ቀን ሙሉ የነሲባ የይለፍ ቃል ወደ ሰርቨሩ አንድም ጊዜ አልተላከም። እኔ ግን ተሳስታለች ብዬ በሠላሳ ሰው ፊት መስክሬያለሁ።

አዲሱን ላይብረሪ ከነተጓዳኝ ፋይሎቹ ጫንሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በዚያው በሦስተኛው የይለፍ ቃል፣ በመጀመሪያው ሙከራ ገባች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት።

«እዚህ ማን ይሰማል ጋሼ?»

በሚቀጥለው ሐሙስ በግምገማው ላይ ተነሥቼ ተናገርሁ። መዝገቡን ሳላይ መፍረዴን አመንሁ፤ በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። የማስተባበያ ደብዳቤዬንም ለዚያው ክፍል ግልባጭ አደረግሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ግን ቁጥር ተሰጥቶት ማኅደሯ ውስጥ ስለገባ፣ ለማስወጣት የኮሚቴ ውሳኔ ያስፈልግ ነበር።

አብረዋት የተቀጠሩት ሁለት ሠራተኞች ቋሚ የሆኑት ኅዳር ሦስት ቀን ነው። ነሲባ ቋሚ የሆነችው ታኅሣሥ ሰባት፣ ሠላሳ አራት ቀን ዘግይታ ነው።