የዛሬው ምግብ አንድ ነው

ሸዋረገጥ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ታጥፎ በሚገባው ጠባብ መንገድ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ጠረጴዛዎቹ በእጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ሥጋም ቅቤም አይገባበትም። ስለዚህም ከኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ የሚወጡት ምእመናንና ከቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ለሕክምና የሚመጡት ቤተ እስራኤሎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በየጠዋቱ የአንድ ምግብ ስም ይጻፍበታል፤ የቀኑ ምግብ እሱ ነው። ሽሮ ግን ሁልጊዜ አለ፤ ዱቄት ስለሆነ አይበላሽምና።

ሰው ሰሌዳውን ሲያይ ሸዋረገጥ ደስ ያላትን የምትጽፍ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እሑድ ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ስትመለስ መጀመሪያ የምትጥደው ሽንኩርት ነው። ቁሌቱን በትልቁ ሠርታ ከፍላ ታስቀምጠዋለች፤ የሳምንቱ እኩሌታ ወጥ በሱ ላይ ነው የሚቆመው። ያን ዕለት ምስር በብዛት ትቀቅላለች። ገሚሱ በበርበሬ ወጥ ሆኖ እሑዱኑ ይበላል፤ ገሚሱ ውኃው እስኪመጥ ቆይቶ በሰፊ ትሪ ላይ ይሰጣና ቶሎ በርዶ ማቀዝቀዣ ይገባል። ሰኞ በቃሪያና በሽንኩርት ተለውሶ የሳምቡሳ ሆድ ይሆናል። ለሳምቡሳው ማባያ ሰላጣ የተከተፈው ጥቅል ጎመን ከላዩ ቅጠል ብቻ ነው፤ የቀረው ራስ ማክሰኞ ከድንችና ከካሮት ጋር አልጫ ይሠራበታል። ረቡዕ አዲስ እንጀራ ይመጣል፤ ሳምንቱ ሲገፋ የለሰለሰው ቲማቲም ደግሞ ስልስ ይሆናል። ሐሙስ ያ ስልስና የረቡዕ እንጀራ ተገናኝተው ፍርፍር ይሆናሉ። ዓርብ ሰንበት ሳይገባ በጊዜ ስለሚዘጋ ከድስት ያልወጣው ሁሉ ተሰብስቦ በያይነት ይቀርባል፤ የቀረው እንጀራ ተቆራርጦ ድርቆሽ ይሆናል። ጠረጴዛ ደርሶ የተመለሰ ግን፣ አንድ ጉርሻ እንኳ ባይወሰድበትም፣ ይደፋል። በዚህ ላይ ከሸዋረገጥ ጋር የተከራከረ የለም።

ክርክሩ የመጣው በሌላ በኩል ነበር። ያይር የሚባል፣ አስጎብኚ ድርጅት ያለው ሰው እንግዶቹን እያስከተለ ጎዳናውን ያሳያል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላትና የድሮ ቤቶቹን። አንድ ሐሙስ እንግዶቹ ራባቸውና ወደ ሸዋረገጥ ቤት አስገባቸው። ፍርፍር ቀረበ። በሉ፤ ወደዱት። አንዲት ሴት ከምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው ያይር ፈገግ ብሎ በዕብራይስጥ መለሰላት።

«ሸኤሪዮት ነው። የትናንት እንጀራ።»

ትርፍራፊ ማለቱ ነበር። ሴትዮዋ ሹካዋን አስቀመጠች። ሸዋረገጥ ከወጥ ቤት ሆና ሰማች፤ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች።

«የትናንት እንጀራ ነው፤ እውነቱን ነው» አለቻት ለሴትዮዋ በዕብራይስጥ። «የዛሬውን ብፈረፍረው ሙቁ ስልስ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል፤ ገንፎ ነው የሚሆነው። ፍርፍር የሚሆነው ያደረ ነው። ትርፍራፊ ማለት ሰው በልቶ የተወው ነው። እንዲያ ያለው ከዚህ ቤት የሚወጣው በቆሻሻ ከረጢት ነው።»

ሴትዮዋ ሳቀችና ሹካዋን አነሣች። ያይር ግን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ያይር የያዘው ሸዋረገጥን ሳይሆን ዮፍታሄን ነው። ዮፍታሄ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቤቱን በጋራ ነው የከፈቱት፤ እሷ ከድስቱ፣ እሱ ከእንግዳው። ያይር በሳምንት ብዙ ቡድን ላመጣ እችላለሁ አለው፤ ግን እንግዳ መምረጥ ይፈልጋል፣ ፎቶ ያለበት ሜኑ ይታተም፣ ሁሉም ምግብ በየቀኑ ይኑር አለው። ዮፍታሄ እኅቱን ሳይጠይቅ አሳተመ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፤ በላዩ ላይ የምግቡ ዓይነት ከጠረጴዛዎቹ ቁጥር ይበልጣል።

«እትዬ፣ ሰው ምርጫ ይወዳል» አላት። «አንድ ምግብ ብቻ እያልን ከሁለት ያጣን ጎመን ልንሆን ነው።»

«ጎመኑን እኔ አውቀዋለሁ» አለችው። «ማክሰኞ ነው የሚያልቀው።»

ግን ወንድሟ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ፊቱ ሲጠቁር አይሆንላትም። እስቲ ይሞከር አለች። ሰሌዳውን አውርዳ ከበሩ ጀርባ አቆመችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ቡድኖቹ መጡ። ቤቱ ሞቀ፤ ዮፍታሄ እየዞረ ፎቶ ያነሣል። ሸዋረገጥ ግን ማቀዝቀዣውን በከፈተች ቁጥር ያደረውን ትቆጥራለች። ከያንዳንዱ ምግብ ጥቂት ጥቂት ይቀራል፤ ለነገ ምግብ እንዳይሆን ያንሳል፣ እንዳይደፋ ያሳዝናል። ድሮ ምስሩ ወዴት እንደሚሄድ ከመቀቀሉ በፊት ታውቅ ነበር። አሁን ሁሉም በየሣህኑ ቆሞ ማን ይመርጠኛል እያለ ይጠብቃል። ስንቱ ፓፓያ መስሎ የለሰለሰ ቲማቲም፣ ስንቱ ቢጫ የሆነ ቆስጣ ተጣለ። ዓርብ በያይነት ለማውጣት ብታስብ ገሚሱ ቀኑ አልፎበታል። እሷም ከቀኑ ያለፈ ነገር አታወጣም።

እማማ እናና የሚባሉ ደንበኛ ነበሯት፤ ጉልበታቸውን ለመታከም በየሳምንቱ ማክሰኞ ከቂርያት ሃዮቨል የሚመጡ የጎንደር ሴት። ያን ማክሰኞ የሚያብረቀርቀውን ሜኑ ተቀብለው አገላበጡ፤ ከዓይናቸው አራቁት፤ አቀረቡት።

«ልጄ፣ የዛሬው የትኛው ነው?» አሉ።

«ሁሉም አለ፣ እማማ። ይምረጡ።»

«እኔ ለመምረጥ አልመጣሁም። አንቺ የመረጥሽውን ልበላ ነው የመጣሁት።»

አልጫ አመጣችላቸው። ቀምሰው ሣህኑን ገፋ አደረጉት። ሲወጡ «ደክሞሻል» ብቻ አሏት። አልጫው ከእሑድ ጀምሮ የነበረ እንደሆነ ሸዋረገጥ ታውቅ ነበር። አልተበላሸም፤ ግን ያን ጠዋት የተሠራም አልነበረም። እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆማ አፈረች።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዝናብ ወረደ። ኢየሩሳሌም ላይ ሲዘንብ ድንጋዩ ያንሸራትታልና ያይር ትልቁን ቡድን ሰረዘ። የደወለው ድስቱ ሁሉ ወጥቶ ትሪው ሁሉ ከተሞላ በኋላ ነው። ዮፍታሄ ስልኩን ዘግቶ መሬት መሬት አየ።

ሸዋረገጥ አልጮኸችም። ትኩሱንና ያልተነካውን ለይታ በክዳን ዘጋች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ላሉ አሮጊቶች እንዲደርስ ሰው ጠርታ ላከች። ማደር የማይችለውን ደግሞ ከቀደሙት ቀናት ከተጠራቀመው ጋር ከረጢት ውስጥ ጨመረችው። ከረጢቱን አስራ በወንድሟ እግር አጠገብ አኖረችው።

«አንተ ውሰደው» አለችው።

«እትዬ፣ ዝናብ ነው።»

«እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ። ዛሬ ክብደቱን አንተ እወቀው።»

ዮፍታሄ አንሥቶት ወጣ። ገንዳው ከጎዳናው ጫፍ ነው። እየጎበጠ፣ ከረጢቱን ከክንድ ወደ ክንድ እያዛወረ ሄደ። ሲመለስ ትከሻው በስብሷል፤ በእጁ ላይ የምስር ፍሬ ተጣብቋል። እጁን እየታጠበ ሳለ ሸዋረገጥ የሚያብረቀርቁትን ሜኑዎች ከየጠረጴዛው ሰብስባ ለመጣል ከተቀመጡት ካርቶኖች ጋር አሰረቻቸው። ሰሌዳውን ከበሩ ጀርባ አወጣችና በጨርቅ ወለወለችው።

«ያይር ይሄዳል» አላት።

«ይሂድ።»

«ብዙ ሰው ነው የምናጣው።»

«የመጣውን ሰው ሁሉ ማብላት እችላለሁ። የማይመጣውን ማብላት ግን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰማዩ ጠራ፤ ያይርም ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። ከበሩ ላይ «ጥቅል ጎመን አልጫ» ተጽፏል። ሜኑውን ጠየቀ። ዮፍታሄ እኅቱን አየ፤ እኅቱ መለሰች።

«ዛሬ ያለው እሱ ነው። ካልፈለጉ ሽሮ አለ።»

«ከወንድምሽ ጋር ተስማምተን ነበር» አለ ያይር።

«ከኔ ጋር አልተስማማህም። ምድጃው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዶቼ ሳምቡሳ ነው ያዩት፤ ፎቶው ላይ።»

«ሳምቡሳ ትናንት ነበር፤ አልቋል። ማለቁ ነው ጥሩነቱ።»

ያይር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ሆነሽ ንግድ አይሠራም፣ ሸዋረገጥ። ከዚህ እስከ ገበያው ድረስ ምግብ ቤት ሞልቷል።»

«ሞልቷል» አለች። «መንገዱን ታውቀዋለህ።»

ይዟቸው ሄደ። አንድም ሰው አልቀረም። የእግራቸው ድምፅ በድንጋዩ ላይ እየራቀ ሲሄድ ዮፍታሄ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሸዋረገጥ ግን አልተቀመጠችም። ጸጸት ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ሆኖም አልተሰማትም። አንገቷን ቀና አድርጋ ድስቱን አማሰለች።

እኩለ ቀን ሲሆን ደንበኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መጡ፤ ከአጠገብ ካለው ሕንጻ ሠራተኞች መጡ። እማማ እናና በዱላቸው ተደግፈው ደረሱ፤ ሰሌዳውን ጮክ ብለው አንብበው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። አልጫውን ሲቀምሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኸ የዛሬ ነው» አሉ።

ሁሉም ቦታ አልሞላም። ግን ድስቱ አለቀ። ዮፍታሄ ተነሥቶ ድስቱን ወስዶ ማጠቢያው ላይ አዘነበለው፤ ከታቹ የሚፋቅ እንኳ አልነበረውም። ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ለነገ የተለየው ቲማቲም ብቻ ለብቻው ተቀምጧል። መልሶ ዘጋውና ጠረጴዛዎቹን መጥረግ ጀመረ።

በወሩ ገደማ አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን ገባች። ኦዴያ እባላለሁ አለች፤ ያይር ዘንድ በአስጎብኚነት ትሠራለች። ያይር እንግዶቹን ይዞ በሄደበት ማክሰኞ ከኋላ ቆማ ነገሩን ሰምታ ነበር። አሁን እሷ የምትመራቸው ትንንሽ ቡድኖች አሏት።

«ሳምቡሳ የምትሠሪው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ጉብኝቱን ወደዚያ ቀን ላደርገው ነው።»

ዮፍታሄ ለመመለስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወውና ወደ እኅቱ ዞረ።

«ሰኞ» አለች ሸዋረገጥ። «ስንት ሰው እንደሆኑ እሑድ ጠዋት ንገሪኝ፤ ምስሩን በዚያ ልክ ነው የምቀቅለው። ቁጥሩን ካልነገርሽኝ ወይም ካረፈዳችሁ አልቆ ይጠብቃችኋል።»

«ጥሩ» አለች ኦዴያ፤ ወንበር ስባም ተቀመጠች። «ዛሬስ ምንድን ነው?»

ሸዋረገጥ በአገጯ ወደ ሰሌዳው አመለከተቻትና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።