የካምባው የቅጥር ደብዳቤ

ልክነሽ ደብዳቤውን አትማ ስትሰጣት ወረቀቱ ገና ይሞቅ ነበር። ረይሐና ከጠዋት ጀምሮ በስልኳ እየደጋገመች ስላነበበችው በቃሏ ይዛዋለች። ከአንድ የመስኖ ድርጅት የመጣ ነው። መደቡ የመስኖ ቴክኒሻን፤ የሥራ ቦታ ካምባ ወረዳ። ፈርማ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል ካልመለሰች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል።

«ሰርዢው ብዬሻለሁ» አለ አጎቷ ባድሩ። ሲቀላ ሰፈር ያለውን የሙዝ ማከፋፈያውን ለሠራተኞቹ ትቶ ነው ተከትሏት ወደ ልክነሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የመጣው። «አምና የደረሰብን አይበቃም?»

አምና የመጣው ደብዳቤ ከዱባይ ሆቴል የተላከ ነበር። ማኅተሙ የሚያብረቀርቅ፣ ደመወዙ በዶላር። «ለቪዛ ማስፈጸሚያ» ተብሎ ባድሩ ስድስት ሺህ ብር በአንድ ግለሰብ ስም ላከ። ቀጥሎ ለኢንሹራንስ ሌላ ተጠየቀ። እምቢ ሲል ስልኩ ለዘለዓለም ተዘጋ። ረይሐና ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዱባዩ ደብዳቤ ወዲህ አጎቷን ቀና ብላ ማየት ያሳፍራታል።

ልክነሽ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ደብዳቤውን አየችው። «አድራሻው ጂሜይል ነው። በነጻ የሚከፈት ነው፤ እኔም አሁኑኑ በድርጅቱ ስም ልከፍት እችላለሁ። ማኅተሙም ዘሟል።»

«እትዬ ልክነሽ፣ ግን እኮ ሴቻ ሰፈር ድረስ ሄጄ ለዚህ ሥራ ተፈትኛለሁ! የፈተና ቁጥሬ ተጽፎበታል።»

«ያለፉት ስም ከነቁጥራቸው ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ የለ? እኔው ነኝ ለስንቱ ያተምኩት። ሌባም ማንበብ ይችላል የኔ እመቤት።»

«ሌባ ግን» አለ ባድሩ ሳይወድ ፈገግ ብሎ፣ «ሰው ወደ ካናዳ ነው የሚልከው። ወደ ካምባ የሚልክ ሌባ ወላሂ አላየሁም።»

ልክነሽ ሳቀች። ባድሩ ግን ወዲያው ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይኸውና! የጤና ምርመራ ማስረጃ ይቅረብ፣ ወጪው በተቀጣሪው ይሸፈናል። ጀመሩ!»

«ለማን ነው የምከፍለው አጎቴ?» አለች ረይሐና። «ወደመረጥኩት የመንግሥት ሆስፒታል ሄጄ ለሆስፒታሉ ነው። ለእነሱ አይደለም። የዱባዩ እኮ የሰው ስምና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነበረው። እዚህ ላይ የታለ?»

ባድሩ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር ፈለገ። አልነበረም።

«ዛሬ የለም» አለች ልክነሽ። «ስትፈርሚ ነገ ይመጣ ይሆናል።»

ረይሐና ደብዳቤው ግርጌ ያለውን ስልክ መምታት ጀመረች። ባድሩ እጇን ያዘ።

«ጸሐፊው ውሸታም ከሆነ ስልኩንም የሚያነሳው እሱው ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰው ደውሎ የደንበኛዬን ስም ጠርቶ ሙዙን ሌላ ቦታ አራግፍ አለኝ። መልሼ ለእሱ ደወልኩ? ለደንበኛዬ ጎረቤት ነው የደወልኩት።»

ካምባ ገበያ ላይ ሱቅ ላለው ሳላዲን ደወለ፤ ድርጅቱ በእርግጥ እዚያ መኖሩን ሄዶ እንዲያይለት ጠየቀው። ሳላዲን ሱቁን አደራ ሰጥቶ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ረይሐና ወረቀቱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። ስልኩ ሲጮኽ ባድሩ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አብሽር ባድሩ፣ የድርጅቱ ሰሌዳ አለ፣ ቦዩም እየተቆፈረ ነው። ኢንጂነሩ አጠገቤ ናቸው፣ ዘርአብሩክ ይባላሉ።»

«አንቺ አትንገሪው፣ እሱ ይንገርሽ» ሲል ባድሩ ሹክ አላት።

«ጤና ይስጥልኝ። ረይሐና ነኝ፤ መደቤንና ደመወዜን ይነግሩኛል?»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ረይሐና... የመስኖ ቴክኒሻን። አሥራ አራት ሺህ ስምንት መቶ። ጥቅምት አምስት ትጀምሪያለሽ።»

ልክነሽ ደብዳቤው ላይ በእስክሪብቶ ተከተለችው። ሦስቱም ልክ ነበር።

«ጂሜይሉስ?» ብላ ከኋላ ጮኸች።

«የራሳችን አድራሻ ከተበላሸ ሦስት ሳምንቱ ነው» አሉ ኢንጂነሩ እየሳቁ። «ሁለት ልጆች ሌባ መስለናቸው ሳይመልሱ ቀሩ። ልጄ፣ ምርመራሽን እዚያው ሆስፒታል ከፍለሽ አሠሪ። ለእኛ የሚከፈል አንድ ብር የለም። በስማችን የሚጠይቅሽ ካለ እንዳትከፍዪ፤ ለእኔ ደውይ።»

ረይሐና ፈረመች። ስለቸኮለች ፊርማዋ እንደ ማኅተሙ ዘመመ። ልክነሽ ስካን አድርጋ ስትልከው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ባድሩ ስልኩን አልዘጋም።

«ሳላዲን፣ ለልጄ ደህና መቆለፊያ ያለው አንድ ክፍል ፈልግልኝ።»

«እሺ፤ ቀብድ ስንት ልስጥ?»

«ምንም አትስጥ» አለች ረይሐና ቀደም ብላ። «መጥቼ ልየው።»

ባድሩ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።