የሐሊና ትከሻ

«እማ፣ እኔ ወንድ እመስላለሁ?»

ሐሊና ይህን ስትጠይቅ እናቷ ውባንቺ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር በከፈተቻት ትንሽ ምግብ ቤት ጓዳ ቆማ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። «በይ ምሳሽን ብይ» አለቻት። ልጂቱ አልበላችም።

ሐሊና በዚያ ሰሞን የናይሮቢ ክለቦችን የአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ውድድር አሸንፋ ነበር። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል አራተኛ ነበረች። መዞሪያውን ታግሣ ዞረችና ቀጥታው ላይ ሦስቱንም አልፋ ገባች። ውባንቺ ይህን በዓይኗ አይታለች። የሐበሻውን ስፖርት በኢንተርኔት የሚያስተላልፈው ኪሩቤል ግን ያየው ሌላ ነው።

«ይቺን ትከሻ እዩልኝማ! ወንድሟን ልካ እንዳይሆን!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ካሜራውን አምስተኛ ወደ ወጣችው ወደ ራሔል አዞረ። «የሜዳው ጽጌረዳ! ባል አለሽ ወይስ እንመዝገብ?» ስለ ሐሊና አጨራረስ አንድ ቃል አልወጣውም።

ውባንቺ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአዋቂዎች ጋር ፊደል ትማራለች። ቪዲዮው ሥር ሰው የጻፈውን አንድ በአንድ እየለቀመች አነበበች። «ወንዳወንድ» የሚለው ላይ ስትደርስ ስልኩን ደፋችው። መሃይም ሆኜ በቀረሁ ብላ የተመኘችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆይ መሃል ከተማ የስፖርት ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ለአንዲት ሯጭ ስፖንሰር ሊሆን መጣ። የልምምዷንም፣ አውሮፓ ሄዳ የምትወዳደርበትንም ወጪ ሊችል ነው። ራሔልን መረጠ።

«ያሸነፈችው እኮ ሐሊና ናት» አለው አሰልጣኙ አለኸኝ።

«አውቃለሁ ኮች። ፖስተር ላይ የሚለጠፈው ግን ሰዓት አይደለም፣ ፊት ነው።»

ዐቢይ ጾም ገባ። ሐሊና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ስትቀምስም እንደ ወፍ ነው። የነፍስ አባቷ «ሯጭ ነሽ፣ ብይ» ቢሏት እሺ አላለችም። ፋሲካ አለፈ፣ እሷ ግን አልፈሰከችም። የሐዋርያት ጾም ሲመጣ እሱንም፣ ፍልሰታንም ያዘች። ውባንቺ ለጎረቤቶቿ «ልጄ መነኩሴ ሆናልኛለች!» እያለች ትኮራ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቀለል ብሏት ፈጠነች። ኪሩቤልም «ሐሊና አማረባት! አሁን ሴት ሆነች!» አለ። ሐሊና ያንን ቪዲዮ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ወዲህ የቀረችውን ጉርሻም ተወቻት።

አለኸኝ ምግብ ቤቱ ድረስ መጣ። «እትዬ፣ ልጅቷ ምንድን ነው የምትበላው? ልምምድ ላይ እግሯን መጎተት ጀምራለች።»

«ጾም ላይ ናት፣ አለኸኝ። እግዜርን ያስቀደመ ወድቆ አያውቅም።»

የወር አበባዋ መቅረቱን ውባንቺ የደረሰችበት ኋላ ነው። አርግዛ እንደሆነ ጠርጥራ ጮኸችባት። ልጂቱ አለቀሰች። ሐኪም ዘንድ ግን ማንም አልወሰዳትም።

ጥቅምት ላይ፣ ውድድር መሃል፣ መዞሪያው ላይ ቅልጥሟ ከዳት። ሐኪሟ ራጅ አንሥታ አሳየቻቸው፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል። «ሰውነቷ ከምትበላው በላይ ሲሮጥ ከርሟል። የወር አበባዋ ሲቀር አጥንቷም እየሳሳ እንደነበር መጠርጠር ነበረባችሁ። ማን ነው ክሺ ያላት?»

ውባንቺ ጾም ነው ልትል ነበር። ሐሊና ቀደመቻት፦ «ጾም አልነበረም እማ። ትከሻዬን ነበር ላጠፋው የፈለግኩት።»

አጥንቱ ገጠመ፤ ልምምድ ስትጀምር ደግሞ ዳሌዋ ላይ ተሰነጠቀ። ስትድን ክለቡ ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶ ቆያት።

አንድ ምሳ ሰዓት ኪሩቤል ማይኩን በአንገቱ አንጠልጥሎ ሊበላ ገባ።

«እትዬ ውባንቺ! ሐሊናችን የት ጠፋች? አምሮባት ነበር እኮ!»

«ወንድሟን ልካ ያልክ ቀን ስንተኛ ወጣች?»

«ኧረ እትዬ፣ ቀልድ ነው! እም... ሦስተኛ መሰለኝ?»

«አንደኛ ነው የወጣችው። ወንድም ደግሞ የላትም።» ሻርፗን ከትከሻዋ ላይ አወረደችው። ሰፊ ነው፤ በልጅነቷ ውሃ፣ በስደት ከረጢት የተሸከመ ትከሻ። «ይኸው፣ ከእኔ ነው የወረሰችው። ያኔ ስትጠይቀኝ እንዲህ ልላት ይገባ ነበር።»

ኪሩቤል ሳቀ፤ ብቻውን እንደሳቀ ሲያይ አንገቱን ወደ ሳህኑ ደፋ።

ራሔል አውሮፓ ሄዳ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አሻሻለች። ስለ ሰዓቷ የጠየቃት ግን አልነበረም፤ የሚጠይቋት ስለ ጸጉሯና ስለ እጮኛዋ ነበር። ፊቷ ላይ ብጉር ሲወጣ ነጋዴው ውሉን ሳያድስ ቀረ፤ እሷም መሮጥ ተወች። ሐሊና አሁን ኪሌሌሽዋ ሰፈር አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ትቀበላለች፤ ሩጫ በቴሌቪዥን ሲመጣ ታጠፋዋለች። ሁለቱም ከሜዳው ወጥተዋል። ኪሩቤል ግን ዛሬም አለ፤ ቅዳሜም ያስተላልፋል።