የሰኔ ጥላ በአዲስ ቅዳም

ሃያ ሁለት ዓመት የኅብረተሰብ ትምህርት ሳስተምር ማስታወሻዬን የነቀፈ ሰው አልነበረም። ስለ ወቅቶች የማስጽፈው አጭር ነው፤ «ክረምት የሚበርደው ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ፣ በጋ የሚሞቀው ስለምትቀርብ ነው።» በሐምሌ ምድር ከፀሐይ በጣም እንደምትርቅ በዓይኔ አንብቤያለሁ። በከተማችን በአዲስ ቅዳም ደግሞ ሐምሌ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

በ2006 ዓ.ም. ማጠቃለያ ፈተና ላይ ይህንኑ ጠየቅሁ፤ አምስት ነጥብ። የሰባተኛ ለ ተማሪዎች እንዳስጻፍኳቸው መለሱ። እታለማሁ አዝመራው ብቻ እንዲህ ብላ አረፈች፦

«ምድር የምትሽከረከርበት ዛቢያ ዘንበል ያለ ነው። እንዳዘነበለች ፀሐይን በዓመት አንዴ ስለምትዞር፣ አንድ ጊዜ ሰሜኑ፣ ሌላ ጊዜ ደቡቡ ወደ ፀሐይ ያጋድላል። ወቅት የሚመጣው በዚህ ነው። በሰኔ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ታልፋለች፤ ዝናቡም ተከትሏት ይመጣል። ክረምት የሚበርደን በደመናውና በዝናቡ ነው እንጂ ፀሐይ ስለራቀች አይደለም።»

ዜሮ ሰጠኋት። ጠርዙ ላይም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብዬ ጻፍኩበት።

የክፍሉን የውጤት መዝገብ፣ ሮስተሩን፣ ስሠራ የሁሉም ትምህርት አማካይዋ 49.6 ሆነ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። አባቷ አቶ አዝመራው ከሰል አክሳይ ናቸው፤ «ከወደቀች ከከሰሉ ጋር ትውላለች፤ ለአንድ ክፍል ሁለቴ ደብተር አልገዛም» ብለው በወላጆች ስብሰባ ተናግረዋል። ሰውየው ያሉትን ያደርጋሉ። አምስቱ ነጥብ ብትኖራት ታልፍ ነበር። እኔ ምን ላድርግ?

ወረቀቷን ይዛ መምህራን ክፍል ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ መልሴ ትክክል ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማዘንበሏን ከቤተ መጻሕፍት አነበብኩት። ጥላውን ግን ራሴ አየሁት። የአባባን የከሰል ክምር የምጠብቀው እኔ ነኝ። በጥር እኩለ ቀን ላይ የክምሩ ጥላ በሰሜን በኩል ነው፤ እዚያ እቀመጣለሁ። ከግንቦት ወዲህ በደቡብ በኩል ሆነ። ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ባትሻገር ጥላው ለምን ይዞራል?» ትንፋሽ ወሰደች። «ደግሞ በመቅረብ ቢሆን፣ እኛ ከጫግኒ ከፍ ብለን አይደለም እንዴ ያለነው? ታዲያ ለምን የሚሞቀው ጫግኒ ነው?»

ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። ፊዚክስ የምታስተምረው ስሜነሽ ጥግ ላይ ወረቀት ታርማለች።

«ስሜነሽ፣ እስቲ ይህችን ልጅ አስረጃት» አልኩ።

«እንጨት ተክለን እንየው፣ ጋሼ ክንዴ» አለች፣ ቀና ሳትል።

እሺ አልኩ። የአንድ ሜትር እንጨት ግቢው መሐል ቀጥ አድርገን ተከልን፤ ስሜነሽ በኮምፓስ ሰሜኑን አስምራ ለየች። ከዚያ ሁለት ቀን ደመና ሆነ። ሦስት ሰዎች በየቀኑ እንጨት ከበን ሰማይ ስናይ ዘበኛው ምን እንደጠፋብን ጠየቀን። ሮስተሩ ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ በተቀጠረበት በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደመናው ተከፈተ።

ጥላው አንድ ስንዝር ያህል ነበር። የወደቀው ወደ ደቡብ ነው።

ዞሬ በሌላ በኩል አየሁት። ያው ደቡብ ነው።

«ሐምሌ ላይ ትርቃለች የሚለውስ?» አልኩ።

«መራቋ እውነት ነው» አለች ስሜነሽ። «ግን ርቀቷ ቢለዋወጥ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ነው። ምክንያቱ ርቀት ቢሆን ዓለም ሁሉ አብሮን ይበርደው ነበር። አውሮፓ ግን በሐምሌ በሙቀት ያልበዋል። የልጅቱ መልስ ትክክል ነው።»

«አንቺ ይህን መቼ አወቅሽ?»

«እኔም ሰባተኛ ክፍልን እዚሁ ከእርስዎ አይደል የተማርኩት?» አለች። «ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ ያንን ማስታወሻ ቃል በቃል ተናገርኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ብዙ ቀን አፌን አልከፈትኩም።»

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ሦስት ዓመት አብረን ስናስተምር ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጋሼ፣ እርስዎን ማን ደፍሮ ይናገራል?»

እታለማሁ ወረቀቷን እንደዘረጋች ፊት ለፊቴ ቆማለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ቲቸር፣ ሮስተሩ ሊዘጋ ነው» አለችኝ።