ሦስት የሚቀመጡበት ዴስክ

ወንጌላዊት ቦንጋ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ስድስት ወር ሊሞላት ነው። ነገ የዲፓርትመንት ኃላፊው ጋሽ ሣህሌ ክፍል ገብተው ያዩዋታል፤ ቋሚ መሆኗ በእሳቸው ግምገማ ይወሰናል። ባለፈው «ጥንድ ጥንድ ሁኑ» ስትል፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ስለሚቀመጡ፣ ሦስተኛው ሁሉ ጓደኛ ፍለጋ ተነሥቶ ግማሹ ክፍለ ጊዜ በግፊያ አለቀ።

አሁን ሃያ አራቱን ዴስኮች ወረቀት ላይ ሥላ ለሒሳብ መምህሩ ለግዛቸው አሳየችው።

«ከቦታው የሚነሣ የለም። ‹ዙሩ› እላለሁ፤ ከኋላቸው ካለው ጋር ያወራሉ።»

«ሰባ ሁለቱም?»

«ሁሉም።»

ግዛቸው ሳቀ። «እንግዲያው ሰባ ሁለት ማጅራት ልታስተምሪ ነው! ሁሉም ከዞረ ማን ማንን ያያል?»

ደነገጠች፤ ወዲያው እሷም ሳቀች።

በማግስቱ ቀድማ ገብታ፣ ከፊተኛው ጀምራ አንድ ረድፍ እየዘለለች ዴስኮቹ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ተማሪዎቹ ሲገቡ የሚጠያየቋቸውን ጥያቄዎች ደብተራቸው ላይ አስገለበጠች፤ ሁለት ልጆችም እየተጠያየቁ አሳዩ።

«ምልክት ያለበት ዴስክ ላይ ያላችሁ ብቻ ዙሩ!»

ማንም ሳይነሣ ክፍሉ በወሬ ሞላ። ጋሽ ሣህሌ መጨረሻው ረድፍ ላይ በቀረች ተማሪ ቦታ ተቀምጠው ነበር። ከፊታቸው ያለችው ብርቄ ዞራ ትናንት ምን እንደሠሩ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ለግምገማ ነው የመጣሁት።»

«ቲቸር፣ ጥንዴ እርስዎ ነዎት።»

መለሱላት። ሲወጡ ለወንጌላዊት ፎርሙን ሰጧት።

«አስተያየት የምጽፍበት ጊዜ አጣሁ፤ ልጅቷ መቼ ለቀቀችኝ! ቋሚነትሽ ላይ ግን ፈርሜያለሁ።»