የሠላሳ ብሩ መንገድ

መኪያ የጉዞውን ዋጋ ስድስት መቶ ብር ብላ ቆረጠች። መኪያ ከቆረጠች ደግሞ ቆረጠች ነው።

ለአልከሶው ዚያራ፣ በየዓመቱ ለሚሄዱበት መንፈሳዊ ጉዞ፣ አውቶቡሱን ባለቤቱ አብዱራሕማን በነፃ ሰጥቷቸዋል። ተጓዡ የሚችለው ነዳጁን፣ የሹፌሩንና የረዳቱን አበል፣ የፍጥነት መንገዱንም ክፍያ ነው። ነዳጅ ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ፣ አበል አራት ሺህ፣ የመንገዱ ደርሶ መልስ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ። ለአርባ አምስት ወንበር ሲካፈል ስድስት መቶ።

አያት ሰፈር፣ ሱቋ ደጃፍ ላይ ከተጓዦቹ አንዱ ሀይደር ተሟገታት።

"እትዬ መኪያ፣ አሮጌው መንገድ ነፃ አይደል? ሠላሳ ሠላሳ ብር ይቀንስልናል።"

"ከከበደህ እኔ እከፍልልሃለሁ።"

"ኧረ ለድሃው ብዬ ነው!"

"ይህን ቦርጭ ተሸክመህ ስለ ድሃ ታወራለህ?"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አምና እህቷ ሀጀርም እዚሁ ቆማ እንዲህ አስቃ ነበር፦ "ለአስፋልት ሠላሳ ብር ከምከፍል ሙዝ እበላበታለሁ!" ሁሉም እሺ አሉ። ክፍያው ከዋጋው ወጣ፣ በአሮጌው መንገድ ሄዱ። ዱከም ሳይደርሱ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ጎናቸውን መታው። ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጠችው ሀጀር ብቻ አልተነሳችም። በብሩ የገዛችው ሙዝ ጭኗ ላይ ነበር፤ አንዱም አልተላጠም።

ዘንድሮ መኪያ ያንኑ ቦታ ራሷ ከፍላ ያዘችው። ማንም እንዳይቀመጥበት አለች፤ ማንም አልተቀመጠም።

ጠዋት ተነሡ። መንዙማው እየተባለ ጎሮን አለፉ። መኪያ ከባዶው ወንበር አጠገብ ሆና ቦርሳዋን አቅፋ ነበር፤ ሌሊቱን ዓይኗ ስላልተከደነ እንቅልፍ ጣላት።

"ወራጅ አለ!"

የሴት ድምፅ ነው። አውቶቡሱ ሲጢጥ ብሎ ቆመ።

"ማናት ወራጅ?" አለ ሹፌሩ ተስፉ።

ረዳቱ በሩን ከፈተ፤ የወረደ ሰው የለም።

"ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ ናቸው እኮ! ጆሮዬ ሥር ነው የጮኹት።" ዞሮ ወንበሩን አየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

መኪያ በመስኮት አየች። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ናቸው፤ የአውቶቡሱ አፍንጫ ወደ አሮጌው የዱከም መንገድ ዞሯል።

"በዚህ ሂድ ማን አለህ?"

"ሀይደር ነዋ! ተስማምተናል፣ የክፍያውን ብር እትዬ ስንመለስ ለሰው ትመልሳለች አለኝ።"

ሀይደር አቀረቀረ።

"አዙር" አለች መኪያ።

ተስፉ አዞረ። ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ ካርዱን ተቀበለ። መኪያ ሲወጡ የምትከፍለውን ብር ለይታ በመዳፏ ጨበጠች። አውቶቡሱ ሰፊውን መንገድ ሲይዝ፣ ከባዶው ወንበር በኩል ገና የተላጠ ሙዝ ሸተታት።

ፊቷን አላዞረችም። "ብዪ፣ እህቴ" አለች ቀስ ብላ።