ከሃያ አራቱ መካከል

ጠቅ። ዝምታ። ከዚያ እንደገና ጠቅ።

ከስሱ የጣውላ ግድግዳ ወዲህ ተቀምጬ ጥፍር የስልክ መስታወት ሲነካ አዳምጣለሁ። የመጀመሪያው ጠቅ ገጹን ይከፍታል፤ ሁለተኛው «አገኘኋት» ማለት ነው። የኔ ዕጣ ያለው በሁለቱ መሀል ባለችው ዝምታ ውስጥ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ሕመምተኞችን የመድኃኒታቸውን ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያ ሠርቷል። የቀረችው በስልኩ ፊት ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ምልክት ብቻ ናት። እሷን ሁለት ሰዎች ሳልናት፤ እኔና ቀጭኗ። ቀጭኗ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ለሦስት ወር ሙከራ የገባች ልጅ ናት። ወንበሩ ግን አንድ ነው። አለቃችን «ሰው ቶሎ የሚያገኛትን የሳለ ይቀራል» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል።

የኔዋ ሰማያዊ መደብ ላይ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ላይ ሰዓት፣ ከሥሩ ደግሞ ደግፎ የያዘው እጅ ነበራት። የጣቶቹን ጥፍር እንኳ አልተውኩም። የቀጭኗ ብርቱካናማ መደብ ላይ የተጋደመች አንዲት ነጭ ክኒን ናት። በቃ።

«ሥዕሉ ገና ሊመጣ ነው?» ብዬ ቀልጄባት ነበር።

«ያንተ ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ መጥቷል» አለችኝ።

ፈተናው ቀላል ነው። ሰውየው ምልክቷን አንዴ በትልቁ ያያል። ቀጥሎ ሃያ አራት ምልክቶች በስድስት ረድፍ የተደረደሩበትን ገጽ ከፍቶ ይፈልጋታል። ለእያንዳንዷ ምልክት አምስት አምስት ገጽ። ግማሹ ሰው በኔ፣ ግማሹ በሷ ይጀምራል። ገጾቻችንን ያዘጋጀነው እያንዳንዳችን ነን፤ ሰዓት ያዡ አለቃችን፣ ጸሐፊዋ ቀጭኗ።

እስከ ምሳ ድረስ ከሕንፃው ሰባት ሰው ተፈተነ። የኔዋ በአማካይ አንድ ሰከንድ ተኩል፣ የሷ ሁለት። በልቤ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ነበር።

ስምንተኛው የሕንፃው ጥበቃ፣ ጋሼ፣ ናቸው። ደስታዬን መቋቋም ቢያቅተኝ በበሩ አንገቴን አስግጌ አየሁ። የመጨረሻው ገጽ ገና ሳይከፈት አውራ ጣታቸው ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ አንዣቧል። ገጹ ተከፈተ፤ ጣቱ ወረደ። የኔዋ።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ነገሩ አላስቆም አለኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት።»

«ልታሾፍብኝ ነው፣ ልጄ?»

«ኧረ ከልቤ ነው።»

ጨፈኑ። ጠቅ። የኔዋ።

«ምን ይገርማል?» አሉ። «ቤቷን አውቄዋለሁ። ሁሌ ጥጓ ላይ አይደለች?»

ጆሮዬ ጋለ። አንድ ገጽ ሠርቼ አምስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ጎረቤቶቹን ቀያይሬያቸዋለሁ፤ የኔዋን ከቦታዋ አላነሳኋትም። ሰዎቹ ያገኙት ምልክቷን ሳይሆን ጥጉን ነው። የቀጭኗ ክኒን ግን በየገጹ ቦታ ትቀይር ነበር። እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «እንደገና እንፈትን።»

አለቃችን ፊቱ ቢከፋም አልከለከለም። ሁለቱም ምልክቶች በየተራ በአንድ ዓይነት ቦታዎች እንዲገቡ ገጾቹን አደባለቅኋቸው። የጠዋቶቹ ሰዎች ምልክቶቹን ለምደዋቸዋልና ከላይኛው ፎቅ ሌሎች ስምንት ለመንን።

የኔዋ ወደ አራት ሰከንድ ወጣች። ሦስት ሰዎች የአየር ጠባይ የሚያሳየውን ሰማያዊ ምልክት እሷ ናት ብለው ነኩት። ክኒኗ እዚያው ሁለት ላይ ናት።

«እጁን አላዩትም?» አልኳቸው ከስምንቱ አንዷን፣ ገንዘብ ያዧን።

«የቱን እጅ? እኔ ያየሁት ሰማያዊ ነገር ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ ሞልቷል፣ የኔ ልጅ።»

ስልኩን ክንዴን ዘርግቼ አራቅኩት፤ ዓይኔን አጠበብኩ። ጣት የለም፣ ሰዓት የለም። ሦስት ሌሊት የደከምኩበት እጅ እድፍ መስሏል። ክኒኗ ግን እዚያም ክኒን ናት። የምን ምልክት እንደምትመስል ስንጠይቃቸው ስድስቱ «የመድኃኒት» አሉ፤ አንዱ ባቄላ፣ አንዷ ዓሣ። ለምን ዓሣ እንዳለች ማወቅ አማረኝ። ማዘኔን ረስቼው ነበር።

አለቃችን ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«እንግዲህ ቀጭኗ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው። አንተም ይቅናህ፤ ሐቀኛ ልጅ ነህ።»

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ከልቤ ለማለት ሞከርኩ፤ ግማሹ ወጣልኝ።

ቀጭኗ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አስተያየቻቸው። ከዚያ ኮምፒውተሯን ዘጋች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች።

«ወዴት ነው? ውሉን ፈርሚ እንጂ» አላት አለቃችን።

«ወንበሩ ስህተቱን ራሱ ላጋለጠው ይሁን» ብላ በአጠገቤ አለፈች። በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው። በመስኮት ስናይ መንገዱን ተሻግራ፣ ሳትቸኩል፣ ከሰዉ መሀል ገባች።